በቅናሽ የተሸጠ ቦንድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቦንዱ ከተጻፈበት ዋጋ በታች ከተሸጠ፣ ድርጅቱ ያኔውኑ ከሰረ ማለት ነው።»

አልከሰረም። አንድ ድርጅት የ100,000 ቦንድ ለ3 ዓመት አወጣ እንበል። በየዓመቱ መጨረሻ ኩፖን የሚባል 8 በመቶ ወለድ ይከፍላል። ገበያው ግን ለእንዲህ ያለ ዕዳ 10 በመቶ ይጠይቃል። ሌላ ቦታ 10 በመቶ የሚያገኝ ሰው ይህን ቦንድ በሙሉ ዋጋው አይገዛም። ስለዚህ 95,026 ብቻ ይሰጣል። የጎደለው 4,974 ቅናሹ ነው። ድርጅቱ በመጨረሻ 100,000 ስለሚመልስ፣ ይህ ገንዘብ ዘግይቶ የሚከፈል ወለድ ነው እንጂ ኪሳራ አይደለም። በሽያጩ ቀን ጥሬ ገንዘብ በ95,026፣ የቦንድ ቅናሽ ደግሞ በ4,974 ዴቢት ይደረጋል። የቦንድ ዕዳ በ100,000 ክሬዲት ይደረጋል። ትርፍና ኪሳራው አይነካም።

«የወለድ ወጪ ማለት ለባለቦንዱ በየዓመቱ የሚከፈለው 8,000 ነው።»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 8,000ው የሚወጣው ጥሬ ገንዘብ ነው። ወጪው የሚሰላው ግን ድርጅቱ በእርግጥ በተበደረው ገንዘብ ላይ፣ በገበያው ወለድ ነው። የ95,026 10 በመቶ 9,503 ይሆናል። ስለዚህ የወለድ ወጪ 9,503 ዴቢት፣ ጥሬ ገንዘብ 8,000 ክሬዲት፣ የቦንድ ቅናሽ 1,503 ክሬዲት ይመዘገባል። ያልተከፈለው 1,503 ዕዳው ላይ ተደምሮ የመዝገብ ዋጋውን 96,529 ያደርሰዋል። በሁለተኛው ዓመት ወጪው 9,653 ሲሆን ዕዳው ወደ 98,182 ያድጋል። በሦስተኛው ወጪው 9,818 ነው፤ ዕዳውም 100,000 ላይ ያርፋል። የሦስቱ ዓመት ወጪ 28,974 ነው፤ ማለትም 24,000 ኩፖንና 4,974 ቅናሽ። የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫ በተዘዋዋሪ ዘዴ ሲዘጋጅ፣ በየዓመቱ የሚቀነሰው ቅናሽ ገንዘብ ያልወጣበት ወጪ ስለሆነ ተመልሶ ይደመራል።

«ቅናሹን ለሦስት እኩል ማካፈል ያው ነው።»

ድምሩ ያው ነው፤ በየዓመቱ ግን ይለያያል። በእኩል ክፍፍል ወጪው ሁልጊዜ 9,658 ነው። ዕዳው እያደገ ወጪው ካልተንቀሳቀሰ፣ የወለዱ መጠን ከ10.2 በመቶ ወደ 9.8 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ድርጅቱ ግን የተበደረው በአንድ ወለድ ነው። ዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ አይኤፍአርኤስ 9 የሚጠይቀው ከላይ ያሰላንበትን፣ ውጤታማ የወለድ ዘዴ የሚባለውን ነው። የአሜሪካ ደንብ እኩል ክፍፍልን የሚፈቅደው ልዩነቱ ትርጉም የሌለው ሲሆን ብቻ ነው።

«የቦንድ ቅናሽ የዴቢት ሚዛን ስላለው ሀብት ነው።»

አይደለም፤ ከቦንድ ዕዳው ላይ ተቀናሽ ሆኖ ነው የሚታየው። ቅናሹ ባነሰ ቁጥር የተጣራው ዕዳ ይጨምራል። በሰንጠረዥዎ ላይ ዕዳው ከ95,026 በታች እየወረደ ከሄደ፣ መደመር የነበረበትን ቀንሰዋል ማለት ነው።