ስለ ስታይል ሺት የሚባለውና እውነታው

አንድ የፕሮጀክት ግምገማ ሪፖርት እንውሰድ። 150 ገጽ ነው። ሦስት ሰዎች ምዕራፍ ተከፋፍለው በእንግሊዝኛ ጽፈውታል፤ የአማርኛ ቅጂም አለው። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«ስታይል ሺት ማለት ዎርድ ላይ ያለው Styles አይደል እንዴ?»

እሱ የሚገዛው መልክን ነው፤ የርዕሱን መጠን፣ የመስመሩን ክፍተት። አርታኢ የሚይዘው ግን የውሳኔ መዝገብ ነው። ለብቻው በሌላ ፋይል፣ በፊደል ተራ ይያዛል። አንድ ቃል በሁለት መልክ ሲገኝ የተመረጠው፣ የተጣለው፣ ምክንያቱና መጀመሪያ የታየበት ገጽ ይጻፋል። ገጹን አትዝለሉት። 90ኛው ገጽ ላይ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ወዴት እንደምትመለሱ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

«አንድን ቃል መደጋገም አንባቢን ያሰለቻል»

ለልብ ወለድ ይሁን። ሪፖርት ላይ ግን ቃሉ ሲለወጥ አንባቢ ነገሩም የተለወጠ ይመስለዋል።

በአማርኛው ቅጂ አንዱ ምዕራፍ «240 አባወራዎች» ይላል። ሌላው «240 ቤተሰቦች»። ሠንጠረዡ ላይ ደግሞ «240 ተጠቃሚዎች» ተጽፏል። አባወራ ወንድ የቤት ኃላፊ ነው። እማወራዎቹስ ተቆጥረዋል? ቤተሰብ ከሆነስ፣ የተጠቀመው ሰው ቁጥር ከ240 በጣም ይበልጣል።

ይህን አርታኢ ብቻውን አይወስንም፤ ጸሐፊዎቹን ይጠይቃል። «የቤት ኃላፊዎች ናቸው፤ ወንድም ሴትም አሉበት» ካሉ፣ መዝገቡ ላይ እንዲህ ይገባል፦ አባወራና እማወራ፣ የቤት ኃላፊ ሲቆጠር፤ ቤተሰብ፣ ቤቱ እንዳለ ሲጠቀስ፤ ተጠቃሚ፣ እያንዳንዱ ሰው ሲቆጠር ብቻ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ባለበት ቦታ ሁሉ ሄዶ ማየት ነው። እኔ ከመዝገቡ ሁሉ የማልቸኩልበት ይህኛው ክፍል ነው፤ የፊደል ስህተት ያሳፍራል እንጂ አኃዝ አያዛባም።

«በእንግሊዝኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስም ሁሌ በትልቅ ፊደል ይጀምራል»

ሙሉ ስሙ ሲጠራ አዎ፤ `Ministry of Health`። በኋላ በአጭሩ ሲጠቀስ ግን `the ministry` ይበቃል። ቺካጎ ማንዋል የተባለው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ መመሪያ የሚከተለው መንገድ ይህ ነው። ወረዳም እንደዚሁ፦ `Dessie Zuria Woreda` ስም ነው፤ `three woredas` ስም አይደለም። ሥራውን የሚያሠራው ድርጅት በአጭሩም ቢሆን `the Ministry` እንዲባል ከፈለገ ችግር የለውም፤ ብቻ መዝገቡ ላይ ይግባና እስከ መጨረሻው ይከበር።

«ሲያልቅ Replace All ብዬ በአንድ ደቂቃ አስተካክለዋለሁ»

`Woreda` የሚለውን ሁሉ በ`woreda` ልተካ ብላችሁ፣ ትልቅና ትንሽ ፊደልን የሚለየውን `Match case` ሳታበሩ ብትሞክሩ ዎርድ ያገኘውን ትልቅ ፊደል ጠብቆ ይተካል። ስለዚህ ምንም አልተቀየረም። ካበራችሁት ደግሞ ሁሉንም ያጭዳል፤ የወረዳ ስሞችን፣ የዓረፍተ ነገር መጀመሪያዎችን፣ ከሌላ ሰነድ በቀጥታ የተጠቀሰውን፣ በዋቢ ዝርዝር ያሉትን ርዕሶች ጭምር። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን መንካት አይፈቀድም። `Match case` ይብራ፤ ግን `Find Next` እያላችሁ አንድ በአንድ እዩ። ያሰለቻል፤ ግን ሌላ መንገድ የለውም።

«አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለው ይህ ጣጣ አይነካውም»

የኛ ጣጣ ሌላ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ አሉ፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ አሉ። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ሠራተኛ» ብሎ የፈለገ ሰው «ሰራተኛ» የተባለውን አያገኝም።

ሌላም አለ። ቃል ሲረባ የመጨረሻው ፊደል ይለወጣል። «ሰራተኛ» ብላችሁ ፈልጋችሁ ብታርሙ «ሰራተኞች» እንዳለ ይቀራል፤ «ኛ» ወደ «ኞ» ተቀይሯላ። ስለዚህ የመጨረሻውን ፊደል ጥላችሁ «ሰራተ» ብላችሁ ፈልጉ። የ፣ በ፣ ለ እና ከ ከፊት ስለሚጣበቁ ሙሉ ቃል ብቻ ፈልግ የሚለውን ምርጫ አጥፉት።

ግን በጣም ማሳጠርም ያስቸግራል። ውሳኔያችሁ «ጸሐፊ» በጸ ይጻፍ ከሆነና «ፀሐ» የሚለውን በሙሉ «ጸሐ» ብላችሁ ከተካችሁ፣ በፀ እንዲቆይ የወሰናችሁት «ፀሐይ» አብሮ ይበላሻል። «ፀሐፊ» ብላችሁ መፈለግ ይሻላል። «ፀሀፊ» የሚል ሦስተኛ መልክም ሊኖር ስለሚችል እሱንም ለብቻው ፈልጉት። መዝገቡ ላይ የተጣሉት መልኮች ሁሉ መጻፍ ያለባቸው ለዚህ ነው።

ሥራው ማለቁ የሚታወቀውም በእነሱ ነው። የተጣለውን እያንዳንዱን መልክ በመጨረሻው ፋይል ላይ ፈልጉ። በጥቅስና በዋቢ ዝርዝር ውስጥ፣ ወይም እንደ `Woreda` በስምና በዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ካልሆነ በቀር መገኘት የለበትም።