ሳህኑ ላይ የሚያጉረመርም ውሻ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አቦ፣ ሲያጉረመርም ካልተመታ ነገ ይነክሳል!»

ተቃራኒው ነው። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፤ ውሻው «አትቅረቡኝ፣ ልትወስዱብኝ ነው» እያለ ነው። በዱላ ስትመቱት ማጉረምረሙን ይተዋል፣ ፍርሃቱ ግን እዚያው አለ፤ እንዲያውም አሁን ሰው ሲቀርብ ምግቡ ከመወሰዱ ሌላ ዱላም ይመጣል ብሎ ይጠብቃል። «ምንም ድምፅ ሳያሰማ ነከሰኝ» ከሚባሉት ውሾች ውስጥ ብዙዎቹ ማጉረምረም እንደማያዋጣቸው በዱላ የተማሩ ናቸው። ስለዚህ ሲያጉረመርም አትቆጡት፣ አትፎካከሩትም፤ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ በሉና ችግሩን ሌላ ቀን፣ ተዘጋጅታችሁ ያዙት።

ከማጉረምረሙ በፊት የሚታዩ ነገሮችም አሉ። ሰው ሲቀርብ ማኘኩን ቀጥ አድርጎ ያቆማል፣ ሰውነቱ ይገተራል። ወይም ሳያኝክ ቶሎ ቶሎ መዋጥ ይጀምራል። አንገቱን ሳህኑ ላይ እንደደፋ፣ ጭንቅላቱን ሳያዞር በዓይኑ ጥግ ያያችኋል፣ የዓይኑ ነጭ ይታያል። ጅራቱ ቢወዛወዝ እንኳ ሰውነቱ ደርቆ ከሆነ ደስ ብሎታል ማለት አይደለም። እነዚህን ካያችሁ መቅረባችሁን አቁሙ።

«ከቡችላነቱ ጀምሮ እጅህን ሳህኑ ውስጥ ከተህ አስለምደው። አለቃው አንተ መሆንህን ይወቅ።»

ይሄን ምክር በየሰፈሩ ትሰማላችሁ፤ ብዙ ውሻ ያበላሸውም እሱ ነው። ውሻው የሚጠብቀው ሥልጣኑን ሳይሆን ምግቡን ነው። በጣም ፈሪ የሆነ፣ እንግዳ ሲመጣ አልጋ ሥር የሚደበቅ ውሻ እንኳ አጥንት ላይ ጥርሱን ሊያሳይ ይችላል። ሲበላ እጃችሁን በከተታችሁ ወይም ሳህኑን በነጠቃችሁ ቁጥር የምታስተምሩት ነገር አንድ ነው፦ ሰው ሲመጣ ይወሰድብኛል። አንዳንዱ ቡችላ ችሎ ያድጋል፣ ሌላው ግን ጥበቃውን የሚጀምረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ማስተማር ያለባችሁ ሌላውን ነው፤ ሰው ሲመጣ የተሻለ ነገር ይጨመርልኛል የሚለውን።

«አንዴ የጀመረ ውሻ አይለወጥም፣ ዝም ብለህ አርቀው።»

ብዙዎቹ በጣም ይሻሻላሉ። ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ አንድ ጓደኛዬ ቤት የነበረውን ልንገራችሁ። ውሻው ሦስት ዓመቱ ነው፣ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል። ራቱ ሩዝ በሥጋ ቁርጥራጭ ነው፣ የሚቀመጥለትም ከማድ ቤት ወደ ሽንት ቤት በሚወስደው ጠባብ መተላለፊያ ላይ፣ ግድግዳ ሥር ነበር። ቤተሰቡ በሙሉ በአጠገቡ ያልፋል። ውሻው ሲበላ ጀርባው ግድግዳ፣ ፊቱ ሰው፤ መሸሻ የለውም። መጀመሪያ ማጉረምረም ጀመረ፣ በኋላ ጓደኛዬ ሳህኑን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ወደ እጁ ተወረወረ።

የመጀመሪያው ሥራ ስልጠና አልነበረም፣ ቦታ መቀየር ነበር። ሳህኑ ማንም ወደማያልፍበት የጓሮው ጥግ ሄደ። ሲበላ ልጆች ቤት ውስጥ ናቸው። ባዶው ሳህን የሚነሳው ውሻው ወጥቶ ሲዘዋወር ብቻ ነው። ይሄ ብቻውን ግማሹን ጭንቀት አቀለለው።

ከዚያ ስልጠናው። ጉበት ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት ቀቅሎ የጣት ጥፍር በምታህል መጠን ከተፈው (ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፤ የወጥ ትርፍራፊ የምትሰጡ ሰዎች ይሄን አስቡበት)። ፀሐይ በረድ ስትል፣ ውሻው መብላት ሲጀምር፣ ጓደኛዬ ከሳህኑ አምስት እርምጃ ያህል እስኪቀረው ድረስ ይመጣል፤ ከዚያ ርቀት ላይ ውሻው አይገተርም፣ መብላቱን ይቀጥላል። አንድ ቁራጭ ጉበት ወደ ሳህኑ ይወረውርና ወዲያው ዞሮ ይሄዳል። መሄዱ ዋና ነገር ነው፤ ቆሞ ማፍጠጥ ወይም «ጎበዝ» እያሉ መጠጋት ሁሉንም ያበላሻል። በአንድ ራት አምስት ስድስት ጊዜ፣ በቃ።

የሚጠበቀው ምልክት ግልጽ ነው። ሰውየው ብቅ ሲል ውሻው ራሱ አንገቱን ያነሳል፣ ሰውነቱ ላላ ብሎ «የታለ ጉበቱ?» በሚል ዓይን ያያል። ይሄ በሁለት ሦስት ራት ተከታትሎ ሲታይ አንድ እርምጃ ይቀርባል፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ከተገተረ ወይም መዋጥ ካፈጠነ ቸኩላችኋል ማለት ነው፤ ሁለት እርምጃ ተመለሱ።

እዚያ ቤት አንድ ጊዜ ነገሩ ተበላሽቷል። ሊጠይቁ የመጡ አጎት ሳህኑ አጠገብ ቆመው ሲያዩት ውሻው እንደገና ደረቀ። ውሻ ከአንድ ሰው የተማረውን ወዲያው ለሁሉም አይሰጥም፣ ስለዚህ እያንዳንዱ አዋቂ ከሩቁ መጀመር አለበት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጓደኛዬ ሳያጎነብስ በአጠገቡ እያለፈ ጉበቱን ሳህኑ ውስጥ መጣል ቻለ። እዚያ ላይ አቆመ፤ እኔም ትክክል ነው እላለሁ። ሲበላ እሱን መደባበስ ለማን ይጠቅማል?

«ኳሱን ካልለቀቀ አባረህ ንጠቀው፤ በሥጋ ከለወጥከው ጉቦ ይለምዳል።»

ብታባርሩት የሚማረው መሸሽና አጥብቆ መንከስ ነው፣ ትንሽ ነገር ከሆነ ደግሞ እንዳይወሰድበት ይውጠዋል። ልውውጥ ጉቦ አይደለም፣ በትክክል ከተሠራ። ኳሱን ይዞ ሳለ ጥቂት ቁራጭ ከሱ ሁለት ሦስት እርምጃ ራቅ አድርጋችሁ በትኑ። ለቆ ሲለቃቅም ኳሱን አንሱ፣ በልቶ ሲጨርስ መልሳችሁ ስጡት። ብዙ ሰው የሚረሳው መመለሱን ነው፤ የማይመለስለት ውሻ በሚቀጥለው ጊዜ ሥጋውንም ንቆ ኳሱን ይይዛል። ይሄን በማያስፈልጋችሁ ዕቃ ስትለማመዱ ቆይታችሁ አንድ ቀን ነጠላ ጫማችሁን ሲይዝ ያለ ትግል ይለቃል። አጥንት ለብዙ ውሾች ከኳስ በጣም ይበልጣል፣ ስለዚህ በአጥንት አትጀምሩ። ሁለት ውሾች ካሏችሁም እንዳይተያዩ አድርጋችሁ ለየብቻ አብሏቸው።

«ከልጆቹ ጋር ነው ያደገው፣ እነሱን አይነካም።»

ልጆች ናቸው በጣም የሚጎዱት። ጎንበስ ብለው ይገባሉ፣ ፊታቸው ከውሻው አፍ ጋር እኩል ነው፣ የመገተርን ምልክት አያነቡም። ከላይ ያለውን ልምምድ ልጅ አይሠራውም፣ ጎበዝ ልጅ ቢሆንም። የልጁ ድርሻ ውሻ ሲበላ ወይም አጥንት ይዞ ሲተኛ አለመቅረብ ነው፤ ያንን ማስከበር ደግሞ የአዋቂው ሥራ ነው፣ በቃል ሳይሆን በተዘጋ በር።

ንክሻ ከተፈጠረ፣ ቁስሉ ጭረት ቢያህልም፣ በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳኛ የለውም ማለት ይቻላል፣ ክትባቱ ግን በጊዜ ከተጀመረ ይከላከለዋል።

ከዚህ በፊት ሰው ነክሶ ደም ካፈሰሰ ውሻ ጋር ብቻችሁን ልምምድ አትጀምሩ፤ የእንስሳት ሐኪም አማክሩ። ዓመታት ሙሉ በሰላም ሲበላ የኖረ ውሻ ድንገት ጥርሱን ማሳየት ከጀመረም መጀመሪያ ሐኪም ይየው። የታመመ ጥርስ፣ የቆሰለ ጆሮ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ሊሆን ይችላል፣ ያንን ደግሞ ጉበት አይፈታውም።