ከበጉ ጉበት እስከ ልጁ እጅ፦ ስለ ሃይዳቲድ ሲስት በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

«ሲስት ያለበትን ጉበት የበላ ሰው በሽታው ይይዘዋል።»

አይይዘውም። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ስህተት ነው፤ ዓይናችንን ከትክክለኛው አደጋ ላይ ያነሳብናል። ጉበቱን ስላልበላን የዳንን ይመስለናል። የጣልነውን ግን ውሻው ይበላዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ኢካይኖኮከስ የሚባል ትል የኮሶ ትል ዘመድ ነው፤ ግን በጣም ትንሽ ነው፣ ርዝመቱ ከ2 እስከ 7 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ያደገው ትል የሚኖረው ውሻ አንጀት ውስጥ ነው። እንቁላሉ ከውሻው ሰገራ ጋር ይወጣና ሣር ላይ ይቀራል፤ በግ ሣሩን ስትግጥ አብራ ትውጠዋለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ የአንጀቷን ግድግዳ ይበሳና በደም ሥር ተጉዞ ጉበት ይደርሳል፤ ጉበት ላይ ካልቀረ ሳንባ ላይ ያርፋል። እዚያ ቀስ እያለ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል። ሃይዳቲድ ሲስት የምንለው ይሄንን ነው።

በጉ ሲታረድ ጉበቱን ያገላበጠ ሰው ያውቀዋል። ነጣ ያለ፣ ጠንከር ያለ፣ ከጉበቱ ላይ ጉብ ብሎ የወጣ ነገር ነው። ቢላ ሲነካው ጥርት ያለ ውሃ ፊን ብሎ ይወጣል። ያንን ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ትንሽ ብታቆዩት ከሥሩ እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚዘቅጥ ነገር ታያላችሁ። አሸዋ የሚመስለው የትሉ ራስ ነው፤ ገና ያላደገ፣ ውሻ አንጀት እስኪገባ የሚጠብቅ። ሰው ቢውጠው ሆዱ ውስጥ ትል አይሆንም። ሰውን የሚይዘው እንቁላሉ ነው፤ እንቁላሉ ደግሞ ጉበቱ ላይ የለም፣ ውሻው ጋ ነው ያለው። እኛ እንቁላሉን ስንውጥ የበጓን ቦታ ነው የምንይዘው፤ ሲስቱ እኛ ላይ ያድጋል።

«የተበላሸችዋን ብቻ ቆርጬ ለውሻው ጣልኩለት፤ ትንሽ ቁራጭ ምን ታመጣለች?»

አንድ ሲስት ውስጥ እነዚያ የትል ራሶች በሺህ የሚቆጠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። እያንዳንዳቸው ደግሞ ውሻው አንጀት ውስጥ ወደ ትል ሊያድጉ ይችላሉ።

በቀን እንቁጠረው። ዛሬ ውሻው ቁራጯን በላ። ለሳምንታት ምንም ነገር የለም፤ ትሎቹ አንጀቱን ጨብጠው እያደጉ ነው። ከ6 ሳምንት በኋላ ወይም በዚያው አካባቢ ትሎቹ ይደርሱና እንቁላል ከሰገራው ጋር መውጣት ይጀምራል። ውሻው መቀመጫውን ይልሳል፣ በዚያው ምላስ ጀርባውንና እግሩን ይልሳል፣ እንቁላሉ ፀጉሩ ላይ ይለጠፋል። በዓይን አይታይም። ከዚያ ልጅ መጥቶ ውሻውን ይዳብስና፣ እጁን ሳይታጠብ የሚበላ ነገር ይይዛል። በቃ። ሰገራው የነካው ያልታጠበ አትክልትና ውሃም ያው መንገድ ነው። ደግሞ እርጥበትና ቅዝቃዜ ባለበት ቦታ እንቁላሉ ለወራት ሳይሞት ይቆያል፤ የቤት ፍሪዘር አይገድለውም፣ ተራ የማጽጃ ኬሚካልም አስተማማኝ አይደለም። የሚጠላው ሙቀትና ድርቀት ነው።

ስለዚህ ሲስት ያለበትን ጉበትም ሆነ ሳንባ ወይ ማቃጠል፣ ወይ ውሻ ቆፍሮ የማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ መቅበር ነው። ልብ በሉ፣ ላይ ላዩን አፈር አልብሶ መሄድ አልቀበሩትም ማለት ነው፤ ውሻ አሽትቶ ይደርስበታል። ሁለቱም የማይቻል ከሆነ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አንፈቅፍቆ መቀቀል የትሉን ራሶች ይገድላቸዋል።

«የኔ ውሻ ጤነኛ ነው፤ ሰገራው ላይም ትል አይቼ አላውቅም።»

ውሻውን አያመውም። በሺህ የሚቆጠር ትል ተሸክሞ ይበላል፣ ይሮጣል፣ ይወፍራል። ትሉም ከሩዝ ፍሬ ያንሳል፣ ስለዚህ ሰገራው ውስጥ ለይቶ ማየት ዘበት ነው።

ለውሻው የሚሰጠው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ነው፣ በኪሎ 5 ሚሊግራም። 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 100 ሚሊግራም ይሆናል። የእንስሳት ሐኪሞች የበሽታው ስጋት ባለበት አካባቢ በየ6 ሳምንቱ ስጡት የሚሉት ትሉ እንቁላል ለመጣል ሳይደርስ እንዲሞት ነው። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም፤ ከሰጣችሁት በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት የሚጥለውን ሰገራ ሰብስባችሁ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። በተጨማሪም ለቀጣይ ጊዜ አይከላከልም፤ ነገ ሲስት ያለበት ጉበት ከበላ ታሪኩ ከዜሮ ይጀምራል።

«ቢይዘኝ ኖሮ እስካሁን ያመኝ ነበር።»

እዚህ ላይ ሰው ይታለላል። አንዲት የ34 ዓመት ሴት እናስብ። ሐሞት ጠጠር ይሆን ተብሎ አልትራሳውንድ ተነሳች። ጠጠር የለም፤ ጉበቷ በቀኝ በኩል ግን 4 ሴንቲሜትር የሚሆን ውሃ የቋጠረ ክብ ነገር ታየ። አሟት አያውቅም። ስትጠየቅ ልጅ ሆና በግ ጠባቂ ውሻ እንደነበራቸው፣ አብራው ትጫወት እንደነበር አስታወሰች። ይህን ያህል ዓመት መቆየቱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሲስቱ የሚያድገው በዝግታ ነው፣ ጉበት ደግሞ ሰፊ ነው። ሰው ላይ ከሚገኙት አብዛኞቹ ጉበት ላይ ናቸው፣ ቀጥሎ ሳንባ ላይ። ሕመም የሚመጣው ሲያድግና አካባቢውን ሲጫን፣ የሐሞት መስመር ሲዘጋ፣ ወይም ሲፈነዳ ነው። የደም ምርመራም ነፃ ነሽ ሊላት ይችላል፣ ሲስቱ እያለ።

«ታዲያ ውሃው በመርፌ ይመጠጥላት፣ ወይ የትል ኪኒን ትዋጥ።»

ምን እንደሆነ ያልታወቀን የጉበት ሲስት ዝም ብሎ በመርፌ መውጋት አደገኛ ነው። ውሃው ሆድ ውስጥ ከፈሰሰ ሰውነት በድንገት በአለርጂ ሊናወጥና ሕይወት ሊያልፍ ይችላል፤ የፈሰሱት የትል ራሶችም ባረፉበት አዲስ ሲስት ይሆናሉ። በመርፌ የሚደረግ ሕክምና አለ፤ ግን ለተመረጡ ሲስቶች፣ መድኃኒት አስቀድሞ ተጀምሮ፣ ለድንገተኛው ነገር በተዘጋጀ ባለሙያ ነው።

አንዴ ተውጦ የሚያበቃው የሆድ ትል ኪኒንም ሲስቱን አይነካውም። መድኃኒቱ ያው አልቤንዳዞል ነው፣ ግን አወሳሰዱ ሌላ ነው። ያቺ ሴት 60 ኪሎ ብትመዝን 400 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር፣ ከ3 እስከ 6 ወር ልትወስድ ትችላለች። ቅባቱ መድኃኒቱ ወደ ደም በደንብ እንዲገባ ያግዛል። በመሃል የጉበትና የደም ሴል ምርመራ ይደረግላታል፣ እርጉዝ አለመሆኗም ይረጋገጣል። ሐኪሙ የሚወስነው የሲስቱን መልክ አይቶ ነው፦ እንደሷ ትንሽና ውሃ ብቻ የያዘ ከሆነ ኪኒኑ ብቻውን ሊበቃ ይችላል፣ ትልቅና ውስጡ በብዙ ትናንሽ ከረጢቶች የተሞላ ከሆነ ኦፕራሲዮን ይታሰባል፣ ጠጥሮ የሞተ ከሆነ ደግሞ ሳይነካ በአልትራሳውንድ ይከታተሉታል።

አብረዋት ያደጉት ወንድሞቿና እህቶቿም አልትራሳውንድ ቢታዩ ጥሩ ነው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ግን እነሱም ያንኑ ውሻ ሲዳብሱ ነው ያደጉት።