የኢንተርንሺፕ መቀበያ ቅጽ ምንድን ነው?

ኢንተርንሺፕ ልትወጡ ስትሉ ዩኒቨርሲቲው ሁለት ወረቀት ይሰጣችኋል። አንደኛው የድጋፍ ደብዳቤ ነው፤ ለድርጅቱ «ተማሪያችንን ተቀበሉልን» የሚል። ሁለተኛው መቀበያ ቅጽ ነው። ይህን ድርጅቱ ሞልቶ ይመልሳል። የት ክፍል እንደምትሠሩ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደምትቆዩና ማን እንደሚከታተላችሁ ይጻፍበታል። ከታች የሱፐርቫይዘሩ ፊርማና የድርጅቱ ማኅተም ያርፍበታል።

ብዙ ተማሪ ቀነ ገደቡ የሚያልፍበት ፊርማውና ማኅተሙ አንድ ጠረጴዛ ላይ ያሉ ስለሚመስለው ነው። ፊርማው የአንድ ባለሙያ ቃል ነው። ማኅተሙ ግን ድርጅቱ ራሱ «አውቀዋለሁ» ማለቱ ነው። ስለዚህ ማኅተም የያዘው ሰው በፋይሉ ውስጥ የማያውቀው ወረቀት ላይ አይመታም። ባይመታም ልክ ነው፤ ኃላፊነቱ የሱ ነው።

አንዲት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ እናስብ። ቅጹን የምትመልሰው እስከ አርብ ነው። ሰኞ በቀጥታ ሳይት ሄደች። መሐንዲሱ ደስ ብሎት ፈረመላት። ማክሰኞ ለማኅተም ዋናው ቢሮ ስትሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ «ደብዳቤሽ ገቢ ሆኗል?» ነበር። አልሆነም፤ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። መዝገብ ቤት አስገብታ ገቢ ቁጥር ተሰጣት። ደብዳቤው ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባ። እሳቸው ደግሞ ለስብሰባ ወጥተው የተመለሱት ሐሙስ ነው። ጠርዙ ላይ «ለሰው ሀብት፣ ይስተናገድ» ብለው መሩት። ሰው ሀብት ምሪቱን ካየ በኋላ ቅጹ ላይ ማኅተም ለማስመታት ደቂቃም አልፈጀ። ሦስቱን ቀን የበላው ምሪቱን መጠበቅ ነው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጥ። መጀመሪያ ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገቡና ገቢ ቁጥሩን ጻፉ። ስትመለሱ ደብዳቤውን የሚያገኙላችሁ በስማችሁ ሳይሆን በዚያ ቁጥር ነው። ምሪቱ እስኪወጣ ድረስ ሱፐርቫይዘሩን ፈልጋችሁ አስፈርሙ። ማኅተሙ የመጨረሻው ነው።

ከማስመታታችሁ በፊት ቅጹን አንዴ እዩት። የፈረመው ሰው ሙሉ ስሙና የሥራ ድርሻው በግልጽ ይነበባል? ቲተር ካለው ይምታበት። ቀኑስ? ቅጹ በእንግሊዝኛ ከሆነ ዲፓርትመንቱ የሚጠብቀው የፈረንጅ ቀን ሊሆን ይችላል። ሱፐርቫይዘሩ ከልማድ 20/06/2017 ብሎ ቢጽፍ፣ የካቲት 20 ማለቱ ነው፤ በፈረንጅ 27/02/2025። አንባቢው ግን ጁን 20 ብሎ ሊወስደው ይችላል። ከቀኑ አጠገብ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ይጻፍ። ስህተት ከተገኘ በኮሬክተር አታጥፉ፤ የተደለዘ ቅጽ ጥርጣሬ ያመጣል። ለዚህ ነው ባዶ ቅጽ ሁለት ኮፒ ይዞ መሄድ የሚያዋጣው።

ማኅተሙ ፊርማውን ነካ አድርጎ ይረፍ፤ ስሙን ግን አይሸፍን። ከዚያ እዚያው ቆማችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት።