ከመንገድ ሁለት ጫፎች በተለያየ ሰዓት ተነስተው ፊት ለፊት የሚመጡ መኪኖች መቼና የት ይገናኛሉ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጠቅላላውን ርቀት ወዲያው ለፍጥነቶቹ ድምር ሲያካፍል ነው። ይህ የሚሠራው ሁለቱም እኩል ሰዓት ከተነሱ ብቻ ነው።

መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ይሁን። አንደኛው መኪና ጠዋት 2:00 ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይነሳል፤ ሁለተኛው ከወዲያኛው ጫፍ 3:30 ላይ በሰዓት 80። መጀመሪያ አንደኛው ብቻውን የሄደውን እንቀንስ፦ በአንድ ሰዓት ተኩል 90 ኪሎ ሜትር ሄዷል፤ በመካከላቸው 210 ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ክፍተቱ በየሰዓቱ በ140 ይጠባል። 210 ለ140 ሲካፈል 1.5 ሰዓት ይሆናል፤ አንድ ሰዓት ከ30 ደቂቃ ማለት ነው፣ ከ50 አይደለም። ይህ የሚደመረው 3:30 ላይ እንጂ 2:00 ላይ ስላልሆነ የሚገናኙት 5:00 ነው። ቦታውስ? አንደኛው ከመነሻው 90 + 90 = 180 ኪሎ ሜትር ርቋል፣ ሁለተኛው 120 ተጉዟል። የሁለቱ ድምር 300 ካልመጣ ስሌቱ ተሳስቷል።