የሶላር «ፔይባክ» ምንድን ነው?

ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ካላችሁ ሶላር ሻጭ አንድ ቀን በራችሁን ማንኳኳቱ አይቀርም። «በ7 ዓመት ገንዘባችሁን ትመልሳላችሁ» ይላችኋል። ፔይባክ ማለት ይሄ ነው፤ ለፓነሉ ያወጣችሁትን ከመብራት ቢል በሚተርፈው ገንዘብ እስክትመልሱ የሚፈጀው ጊዜ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ጠቅላላ ወጪውን በዓመት ለምትቆጥቡት ማካፈል። ጣጣው ሁለቱ ቁጥሮች ከየት እንደመጡ ማወቁ ላይ ነው።

መጀመሪያ የ12 ወር ቢል አውጡ። የጁላይን ቢል ብቻ ይዛችሁ በ12 ብታባዙ ኤሲው ጉድ ይሠራችኋል። በዓመት 10,000 ኪሎዋት ሰዓት ተጠቅማችሁ 2,020 ዶላር ከፈላችሁ እንበል። ከዚህ ውስጥ በወር 10፣ በዓመት 120 ዶላሩ መብራት አበራችሁም አላበራችሁም የሚከፈል ቋሚ ሒሳብ ነው። ሶላር እሱን አይነካውም። የቀረውን 1,900 ለ10,000 ስታካፍሉ 19 ሳንቲም ይመጣል። ፓነሉ የሚያመነጨው እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚያድንላችሁ ይቺን ነው።

አሁን ወደ ሻጩ ወረቀት። 7 ኪሎዋት፣ 21,000 ዶላር ይላል። በብድር ከሆነ የጥሬ ገንዘብ ዋጋውን ለይታችሁ ጠይቁ፤ ዝቅተኛ ወለድ የሚባለው ብድር ብዙ ጊዜ የብድሩ ክፍያ የፓነሉ ዋጋ ውስጥ ተደብቆ ይመጣል። በዲሲ አካባቢ ጥላ የሌለበት ጥሩ ጣራ በዓመት ከአንድ ኪሎዋት 1,200 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። የራሳችሁን ጣራ PVWatts የሚባለው ነፃ ድረ ገጽ ላይ ማስላት ትችላላችሁ። 7 በ1,200 ሲባዛ 8,400 ነው። ከፍጆታችሁ ስለማይበልጥ ሁሉንም በ19 ሳንቲም አስቡት፤ ቀን የተረፈው ወደ መስመሩ ገብቶ ማታ ከምትወስዱት ይቀነሳል። ኔት ሜተሪንግ የሚሉት ይህንን ነው። የዓመቱ ቁጠባ 1,596 ዶላር ይሆናል። 21,000 ለ1,596 ሲካፈል 13 ዓመት ከትንሽ ነው።

ታዲያ 7ቱ ዓመት ከየት መጣ? ሻጩ ከዋጋው ላይ 30 በመቶ የፌዴራል ታክስ ክሬዲት ቀንሶ 14,700 አደረገው። ከዚያ ቋሚውን ክፍያ ጨምሮ ለሙሉው ቢል፣ ለ2,020 አካፈለው። 7.3 መጣ። የቤት ባለቤት በራሱ ገንዘብ ለሚገዛው ሶላር ይሰጥ የነበረው ያ ክሬዲት ግን በ2025 መጨረሻ አብቅቷል። አንዳንድ ወረቀት ደግሞ የመብራት ዋጋ በየዓመቱ 4 በመቶ ይጨምራል ብሎ ያሰላል። ሊጨምር ይችላል፣ ግን እኔ መጀመሪያ ያለ ጭማሪ ነው የማሰላው።

በሌላ በኩል ሻጩ የሚረሳው የሚጠቅም ነገርም አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ለሚመነጨው ኃይል የሚሸጥ ኤስሬክ የሚባል ሰርተፊኬት ይሰጣል። ዋጋው ከፍ ዝቅ ይላል። በዓመት 300 ዶላር ብታገኙ ቁጠባው 1,896 ሆኖ ፔይባኩ ወደ 11 ዓመት ይወርዳል። የፓነሉን ኃይል ለቤት ወደሚሆን መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተር በመሐል ተበላሽቶ 2,000 ዶላር ብታወጡ ደግሞ ፔይባኩ ላይ አንድ ዓመት ገደማ ይጨመራል።