ትዝታ፣ ኤንካ እና የስኮትላንድ ዜማ፦ ስለ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የጃፓን ዘፈን ትዝታ ትዝታ ይለኛል፤ አንዳችን ከሌላችን ወስደን መሆን አለበት።»

ጆሮዎ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው መደምደሚያው ነው። ኤንካ የሚባለው የጃፓን ዘፈን የሚታወቅበት ማይነር ቅኝት ከትዝታ ማይነር ጋር ድምፅ በድምፅ አንድ ነው፦ ዶ፣ ሬ፣ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሚ፣ ሶል፣ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ላ። ጃፓኖች ዮናኑኪ ይሉታል፤ ትርጉሙም «አራተኛውና ሰባተኛው የወጣለት» ማለት ሲሆን፣ ስሙ ራሱ ከአውሮፓው የሰባት ድምፅ እርከን ሁለቱ እንደተተዉ ይናገራል። የክራር ተጫዋች ግን አምስት ድምፅ የሚያገኘው ከሰባት ቀንሶ አይደለም፤ ባለ ስድስት አውታር ክራር አምስቱን ድምፆች ይይዝና ስድስተኛው አውታር ከእነርሱ አንዱን በኦክታቭ፣ ማለትም ያንኑ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ባለ እርከን፣ ይደግማል። ሁለት ሰዎች በየራሳቸው መንገድ ተጉዘው አንድ ገበያ ሊገናኙ ይችላሉ፤ መገናኘታቸው ብቻ አብረው ለመነሣታቸው ማስረጃ አይሆንም።

«ታዲያ እነዚህን አምስት ድምፆች የመረጣቸው ልማድ ብቻ ነው።»

ቢያንስ ለትዝታ ሜጀር (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ) ከልማድ የቀደመ ምክንያት አለ። አንድን አውታር ሁለት ሦስተኛው ላይ ቢይዙት የሚሰጠው ድምፅ ከኦክታቭ ቀጥሎ ከመጀመሪያው ድምፅ ጋር እጅግ የሚስማማው ነው። ጥንታዊ የቻይና መዛግብት ይህን በቁጥር አስቀምጠውታል፦ ርዝመቱ 81 ከሆነ አውታር ይነሡና አንድ ሦስተኛውን ሲቀንሱ 54፣ ለዚያ አንድ ሦስተኛውን ሲጨምሩ 72፣ እንደገና ሲቀንሱ 48፣ ሲጨምሩ 64 ይሆናል። አምስቱን ከረጅሙ ወደ አጭሩ ቢደረድሯቸው 81፣ 72፣ 64፣ 54 እና 48፣ ማለትም ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ ናቸው። አንድ እርምጃ ቢጨምሩ ግን ሲ ይመጣል፤ እርሱም ከላይኛው ዶ በግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሚርቅ ጎን ለጎን ሲሰሙ ይጋጫሉ። ስለዚህ አምስት ላይ የቆመ ዜማ የሚጋጭ ጎረቤት ሳይኖረው ይቆማል፤ በቻይናም፣ በስኮትላንድም፣ በወሎም ይኸው የድምፅ አደራደር የሚገኘው ለዚህ ይመስለኛል።

«አምስት ድምፅ ያለው ሁሉ አንድ ቅኝት ነው።»

ይህን ለማፍረስ ክራር ይበቃል። በትዝታ ሜጀር ከተቃኘ ክራር ላይ ሚ እና ላ የሚሰጡትን አውታሮች ብቻ በግማሽ ድምፅ ቢያላሉ ትዝታ ማይነር ይሆናል፤ ሁለት አውታር ተነክቶ የዘፈኑ ስሜት በሙሉ ይለወጣል። ከዚህ የሚገርመው ደግሞ ምንም ሳይነኩ የሚመጣው ለውጥ ነው። ያው የትዝታ ሜጀር ድምፆች ሳይለወጡ ዜማው የሚያርፈው በዶ ሳይሆን በላ ላይ ቢሆን፣ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል የሚለው አደራደር ባቲ ማይነር ነው፤ የአሜሪካ ብሉዝ ዘፋኞችም ይህን መዋቅር አብዝተው ይጠቀሙበታል። ስለዚህ የድምፆቹን ቁጥር ከመቁጠር በፊት በመካከላቸው ያለውን ርቀትና ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ መጠየቅ ይገባል። በኢንዶኔዥያ የጃቫ ደሴት ስሌንድሮ የሚባለው ቅኝት አምስት ድምፅ ቢኖረውም ርቀቶቹ ወደ እኩል የተጠጉ ስለሆኑ በፒያኖ ቁልፎች ላይ በትክክል አይገኝም።

«ባለ አምስት ድምፅ ዜማ በቀላሉ የምንለምደው ስንወለድ ጆሯችን ይዞት ስለሚመጣ ነው።»

ከፊሉ ከድምፁ ባሕርይ፣ ከፊሉ ከአስተዳደግ ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1881 ለትምህርት ቤት መዝሙር መጽሐፏ የስኮትላንዱን «ኦልድ ላንግ ሳይን» ዜማ ወስዳ በራሷ ግጥም «ሆታሩ ኖ ሂካሪ» ብላ አዘመረችው፤ ዛሬም የምረቃና የስንብት ዜማ ሆኖ ይታወቃል። (እዚህ ላይ መዋስ በእርግጥ ነበረ፤ የተወሰደው ግን ቅኝቱ ሳይሆን ዜማው ነው።) ዜማው በቀላሉ የተለመደው አምስት ድምፅ ብቻ ስላለውና ድምፆቹ በየጊዜው ስለሚመላለሱ ይመስለኛል፤ አድማጩ ቀጥሎ የሚመጣውን ብዙም ሳይሳሳት ይገምታል።

አንቺ ሆዬ የሚባለው ቅኝት ግን የዚህን ገደብ ያሳያል። እርሱም ባለ አምስት ድምፅ ነው፤ ነገር ግን ከዶ በላይ በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚርቅ ጎረቤት አለው፣ ፋ እና ከፋ በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለውም ተጠጋግተው ይቆማሉ፣ ከዶ ጋር እጅግ የሚስማማው ሶል ደግሞ ጨርሶ የለበትም። ከላይ በተነገረው የ81 እና የ54 ስሌት አይወለድም። ሆኖም ከልጅነቱ ጀምሮ በሠርግ ቤት ሲሰማው ላደገ ሰው ከትዝታ ያላነሰ የቤቱ ድምፅ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው የውጭ ሰው ግን የክራሩ አውታር የተበላሸ ሊመስለው ይችላል።